የእንግሊዝኛ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ሞርኦቨር»ን ያባረርንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮም እንደ ልማዱ በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ቀርቧል፣ ከዘጠነኛ ክፍሎች ጋር ክርክር አካሂዷል፣ የተቀደዱ የንባብ መጻሕፍትን ጠግኗል። ስለ እነዚህ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የዓመቱ ጉልበታችን ያለቀው የ12ኛ ክፍል አባላት ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ስለ ራሳቸው በሚጽፉት ድርሰት፣ በፐርሰናል ስቴትመንት ላይ ነው። በዚያ ውስጥም ሰዋስውና ሆሄው ቶሎ ይታረማል። ያስቸገረን የአንቀጾቹ አለመያያዝ ነበር።

ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ በሚጠቀሙበት የኢንተርኔት ማመልከቻ፣ በኮመን አፕ በኩል የሚያመለክት ተማሪ ዋና ድርሰቱ ከ650 ቃላት መብለጥ አይችልም። በዚያ ልክ አራት ወይም አምስት አንቀጽ ቢገባ ነው። አንባቢው ደግሞ ከፊቱ የተከመረ ማመልከቻ ያለበት ሰው ነው። አንዱ አንቀጽ አልቆ ሌላው ሲጀምር «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ካለ፣ ተመልሶ የሚያነብበት ምክንያት የለውም።

ልጆቻችን መፍትሔውን በእጃቸው የያዙ መስሏቸው ነበር። ለፈተና ድርሰት የሚሸመደደውን ዝርዝር አውጥተው ሁለተኛውን አንቀጽ በ«ሞርኦቨር»፣ ሦስተኛውን በ«ፈርዘርሞር»፣ አራተኛውን በ«ኢን አዲሽን» ጀመሩት። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላም አለኝ። ለምን እንደመጣ፣ ካለፈው ጋር ምን እንደሚያገናኘው አይናገሩም።

ነገሩ እንዲገባችሁ የአንዲት አባላችንን ረቂቅ ከነእርማቱ አሳያችኋለሁ። ልጅቷ ፈቅዳልኛለች። የጻፈችው በእንግሊዝኛ ቢሆንም እዚህ በአማርኛ አስቀምጬዋለሁ። ቤተሰቦቿ ጮቄ ሥር ድንችና ገብስ ያመርታሉ፤ እሷ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየተላከላት ትማራለች። ረቂቋ አራት አንቀጽ ነበረው። የመጀመሪያው አባቷ ለዘር ድንች ስለሠራው መደርደሪያ፣ ሁለተኛው ስለ ኪራይ ቤት ኑሮዋ፣ ሦስተኛው ስለ ሳይንስ ክበብ፣ አራተኛው ስለምትመኘው የእጽዋት ሳይንስ ትምህርት ይናገራል።

መጀመሪያ ያደረግነው የየአንቀጹን የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነጥሎ በሌላ ወረቀት ላይ መገልበጥ ነው። እንዲህ ሆነ፦

«አባቴ ለዘር ድንች መደርደሪያ ሠራ።» … «ከዚህም ጠንክሮ መሥራት ምን ያህል እንደሚጠቅም ተማርኩ።»

«ሞርኦቨር፣ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ብቻዬን መኖር ጀመርኩ።» … «ይህም ራሴን መቻልን አስተማረኝ።»

«ፈርዘርሞር፣ የሳይንስ ክበብ ጸሐፊ ነኝ።» … «ከዚህም መሪነትን ተማርኩ።»

«ስለዚህ የእጽዋት ሳይንስ ማጥናት እፈልጋለሁ።»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንደኛው፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንቀጽ ብታለዋውጧቸው ምንም አይጎድልም። ይህን በመቀስ ቆራርጠን ጠረጴዛ ላይ አዘዋውረን አረጋገጥነው። ቦታው ቢቀያየር የማይከፋው አንቀጽ ከጎረቤቱ ጋር አልተሳሰረም ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመጨረሻው «ስለዚህ» ባዶ መሆኑ ነው። መሪነትን ከመማር የእጽዋት ሳይንስ እንዴት ይወጣል?

ብዙ ሰው ችግሩ የሁለተኛው አንቀጽ መግቢያ ላይ ይመስለዋል፤ እኔ ግን በአብዛኛው ያለፈው አንቀጽ መደምደሚያ ላይ ነው እላለሁ። «ይህን ተማርኩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሩን ዘግቶ ይወጣል። ነገሩ ተፈጽሟል፣ ትምህርቱም ተሰጥቷል፤ አንባቢው የሚጠብቀው ነገር የለም። ከተዘጋ በኋላ የሚመጣው አንቀጽ ምንም ቃል ቢደረግለት እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ሦስቱን «ተማርኩ» ሰረዝናቸው። ቃላትም ተረፉልን።

ከዚያ የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ገባን። ድሮ ዘሩ ጎጆ ውስጥ ጨለማ ጥግ ይከመር ነበር፤ ቡቃያው ነጭና ረጅም እየሆነ ሲተከል ይሰበራል። መደርደሪያው ላይ ከጎን ብርሃን የሚያገኘው ግን አጭር፣ አረንጓዴና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። በዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ዓረፍተ ነገር ተሸጉጣ ነበር፦ «ብርሃን ለምን እንደሚያሳጥረው አባቴን ብጠይቀው እሱም አያውቅም።» የጽሑፉ ሞተር ይቺ ናት። ከመሐል አውጥተን የአንቀጹ መጨረሻ አደረግናት።

አሁን አንባቢው ጥያቄ ይዞ ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ይሻገራል። የኪራይ ቤቱ አንቀጽ ግን ምግብ ስለማብሰልና ልብስ ስለማጠብ ብቻ ነበር የሚያወራው። «በዚያ ቤት ድንች ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። «ቲቸር፣ ስንቄ ድንች አይደል እንዴ! አልጋ ሥር ረስቼው በቅሎ አግኝቼዋለሁ» አለችኝ። በምን ዓይነት ቡቃያ? ነጭና ረጅም። በዚያው ሰሞን ባዮሎጂ መምህሯ ብርሃን ያጣ ቡቃያ ወደ ብርሃን ለመድረስ ግንዱን እንደሚያስረዝም፣ አረንጓዴ ቀለሙንም እንደማያወጣ አስተምሯቸው ነበር። የሁለተኛው አንቀጽ መጀመሪያ በዚህ ተለወጠ፦ «መልሱን ያገኘሁት ደብረ ማርቆስ፣ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ፣ አልጋዬ ሥር ነው።» ብቻዋን መኖሯ በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ፤ ለብቻው አልተሰበከም። «መልሱን» የሚለው ቃል ደግሞ የላይኛውን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ማያያዣ የምንለው ሥራ ይኸው ነው፦ የአዲሱ አንቀጽ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አንባቢው ከያዘው ነገር ይነሳና ወዳልያዘው ያደርሰዋል።

ሦስተኛው ቀለለ። ሳይንስ ክበብ ውስጥ ያደረገችው ግማሹን ድንች መስኮት ላይ፣ ግማሹን ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ ማሳየት ነበር። በረቂቁ ላይ ይህ በግማሽ መስመር ታልፎ የጸሐፊነቱ ሥልጣን ነበር የተተረከው። ገለበጥነው፦ «የመምህሬ ቃል እውነት መሆኑን ለማየት…» ብሎ ይጀምራል።

አራተኛው ላይ «ስለዚህ» አሁንም አልሠራም። መደርደሪያው ሁሉን ከፈታ ዩኒቨርሲቲ ለምን ያስፈልጋታል? አባቷ ጥሩ ቡቃያ ያለው ዘር ተክሎ ማሳው የጠወለገበትን ክረምት ያነሳችልን ይህን ጊዜ ነው። ድንች የሚያጠወልገው ባክቴሪያ ምንም ምልክት ሳያሳይ በዘሩ ውስጥ ተደብቆ ሊመጣ ይችላል፤ ብርሃን አያድነውም። ስለዚህ መሸጋገሪያው «ግን» ሆነ፦ «ብርሃኑ ግን ቡቃያውን እንጂ ዘሩን አላዳነልንም።» የእጽዋት ሳይንስ ፍላጎቷ ከዚህ ዓረፍተ ነገር በኋላ ያለ ማስረጃ የቆመ ምኞት አይመስልም።

ከዚህ የወጣችው መመዘኛ ለሁሉም ረቂቅ አገለገለችን። በሁለት አንቀጾች መካከል በቃል «ግን» ወይም «ስለዚህ» አስገቡ። አንዱ ሐሰት ሳይሆን ከገባ ግንኙነት አለ፤ ቃሉን መጻፍም ላያስፈልግ ይችላል። «ደግሞ» ብቻ ከገባ የያዛችሁት ዝርዝር ነው።

በአንቀጽ ውስጥም ሕጉ ያው ነው። ረቂቋ ላይ እንዲህ ይል ነበር፦ «አባቴ መደርደሪያ ሠራ። ቡቃያው አጭር ነው። የግብርና ባለሙያ መጥቶ ነበር። ብርሃን በጎን ይገባል።» አራቱም እውነት ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ ከሌላ ቦታ ይነሳል። የታረመው እንዲህ ነው፦ «የግብርና ባለሙያው ዘሩን ከጨለማው እንድናወጣ መከረን። አባቴም ምክሩን ሰምቶ ከባሕር ዛፍ መደርደሪያ ሠራ። በመደርደሪያው ክፍተት ብርሃን ይገባል፤ በዚያ ብርሃን የበቀለው ቡቃያ አጭርና አረንጓዴ ሆነ።» የአንዱ መጨረሻ የሚቀጥለው መነሻ ሲሆን አንድም «ሞርኦቨር» አላስፈለገም። በአማርኛ «አውጥቼ፣ ደርድሬ፣ አይቼ» እያልን በቀላሉ የምናያይዘው ነገር በእንግሊዝኛ ተቆራርጦ ስለሚቀር ልጆቻችን እዚህ ላይ በተለይ ይቸገራሉ።

ተቃውሞም ገጥሞኛል። ቅኔ ቤት የቆየ አንድ አባላችን «ሁሉን እንዲህ ገልጦ መጻፍ ምን ሙያ አለው?» ብሎ ሞገተኝ። ጎጃም ውስጥ ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። የመለስኩለት፣ ቅኔ የሚሰማው ሰው ወርቁን ሊፈልግ ተዘጋጅቶ እንደሚቀመጥ፣ የማመልከቻ አንባቢ ግን እንደዚያ እንደማይቀመጥ ነው። አልተስማማም፤ የእሱ ረቂቅ አሁንም ትንሽ ይሸሸጋል። የጽሑፉ ባለቤት እሱ ስለሆነ ተውኩት።

ዘዴው የማይሠራበት ቦታም አለ። አንዱ ተማሪ የአያቱን ሞት፣ የእግር ኳስ ቡድን አምበልነቱንና የሒሳብ አያያዝ ፍላጎቱን ይዞ መጣ። ሲያያይዛቸው «አያቴ ሲሞቱ ገንዘብ በአግባቡ መያዝ እንዳለበት ገባኝ፣ በእግር ኳስም…» እያለ ሄደ። ጮክ ብሎ ሲያነበው ራሱ አፈረ። በእውነት ያልተገናኘ ነገር በቃል ሲታሰር ውሸት ይሆናል፤ ጆሮም ይለየዋል። አምበልነቱን ከድርሰቱ አውጥተን ኮመን አፕ ላይ እስከ አሥር ተሳትፎ ወደሚመዘገብበት ክፍል ወሰድነው። በቀሩት ሁለት ነገሮች መካከልም «ከሁለት ዓመት በኋላ» የሚል ተራ የጊዜ ቃል በቂ ሆነ። ሌላዋ ደግሞ የጥያቄው ነገር ጥሟት እያንዳንዱን አንቀጽ በ«ታዲያ ምን አደረግሁ?» ጨረሰችው። አንድ ጊዜ ያምራል፤ ሦስተኛው ላይ አንባቢው ዘዴውን እንጂ ታሪኩን አያይም። ሁለቱን አስወጣናቸው።

የከርሞ አባላት አንድ ነገር ይያዙልን። ኮመን አፕ ለአዲሱ ዓመት የሚከፈተው በፈረንጆች ነሐሴ 1፣ በእኛ ሐምሌ 25 ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው ልጅ ገጠር፣ እርሻ ላይ ነው፤ የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማብቂያ ደግሞ ታኅሣሥ ማለቂያ ገደማ ይውላል። ስለዚህ የ11ኛ ክፍል አባላት የመጀመሪያውን ረቂቅ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ በእጅ ጽፈው፣ በአንድ ገጽ ብቻ፣ በየአንቀጹ መካከል ሰፊ ቦታ ትተው ያምጡ። መቀሱ ክበቡ ሳጥን ውስጥ አለ።