የመጋዘኑ ትርፍ የተንጠለጠለው በአንድ ቁጥር ላይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ድሬዳዋ ላይ ሊገነባ ስለታሰበው የአትክልትና ፍራፍሬ ማቀዝቀዣ መጋዘን ባወጣችሁት ዘገባ «ጥናቱ አዋጭነቱን አረጋግጧል» ብላችኋል። አክሲዮኑን ከሚገዙት ብዙዎቹ የከተማችን የቀፊራና የታይዋን ገበያ ነጋዴዎች ናቸው፤ የሚያወጡት የዓመታት ጥሪታቸውን ነው። የሂሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ ለገዢዎች የታደለውን ጥናት አገላብጬ አየሁት።

ጥናቱ የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት በዝርዝር ያሰላል። ከዚያ ወዲያ ላለው ዘመን ሁሉ ግን ያለው አንድ መስመር ነው፤ በ10ኛው ዓመት የሚተርፈው 40 ሚሊዮን ብር በየዓመቱ 12 በመቶ እያደገ ለዘላለም ይቀጥላል ይላል። የዚህ ዘመን ዋጋ የሚሰላው የ11ኛውን ዓመት 44.8 ሚሊዮን ብር፣ የወደፊት ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ በሚመለስበት ዲስካውንት ሬትና በዕድገቱ ልዩነት በማካፈል ነው። ሬቱ 20 በመቶ ስለተያዘ ልዩነቱ 8 በመቶ ነው፤ ውጤቱም 560 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ 90 ሚሊዮን ገደማ ነው። የአሥሩ ዓመት የዛሬ ዋጋ 62 ሚሊዮን፣ የግንባታው ወጪ 140 ሚሊዮን ስለሆነ 12 ሚሊዮን ብር ትርፍ ታየ።

አሁን ዕድገቱን ከ12 ወደ 10 በመቶ ብቻ ዝቅ እናድርገው። 90 ሚሊዮን የነበረው 71 ሚሊዮን ይሆናል፤ ትርፉም ወደ 7 ሚሊዮን ብር ኪሳራ ይገለበጣል። ወደ 14 ከፍ ካደረግነው ደግሞ 123 ሚሊዮን ይደርሳል። መጋዘኑ ላይ አንድ ብሎኬት እንኳ ሳይለወጥ ማለት ነው። አካፋዩ እያነሰ በሄደ ቁጥር እያንዳንዱ ጭማሪ ዋጋውን ይበልጥ ያንረዋል፤ ለዚህም ነው የተጋነነ ግምት እዚህ መስመር ውስጥ በቀላሉ የሚደበቀው።

12 በመቶው ከየት እንደመጣ ጥናቱ አይናገርም። የዋጋ ግሽበት ከሆነ፣ ያው ግሽበት 20 በመቶው ውስጥም አለ። ግሽበቱ ሲረግብ ሁለቱም አብረው መውረድ አለባቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም። የኪራዩ ገቢ ከአገሪቱ ኢኮኖሚ በላይ ያድጋል ከተባለ ደግሞ ለጥቂት ዓመታት ያስኬድ ይሆናል እንጂ ለዘላለም አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። በ10ኛው ዓመት ሂሳብ ላይ ለዕድሳት የተያዘ ገንዘብ የለም። በድሬ ሙቀት ቀን ከሌት የሚሠራ ኮምፕረሰር ዘላለም አይኖርም፤ ሲለወጥም በዚያን ጊዜ ዋጋ ነው የሚገዛው። ከ10ኛው ዓመት 40 ሚሊዮን ላይ ለዕድሳት 8 ሚሊዮን ብር ብንቀንስና ይህም ወጪ እንደ ትርፉ በየዓመቱ ቢያድግ፣ ዕድገቱን በ12 በመቶ ሳንነካ እንኳ ፕሮጀክቱ ወደ 6 ሚሊዮን ብር ይከስራል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ እንዲህ ያለ ጥናት ሲዘግብ ከጠቅላላው ዋጋ ስንት እጁ ከ10ኛው ዓመት በኋላ ካለው ዘመን እንደመጣ አብሮ ቢያትም እላለሁ። እዚህ 60 በመቶ ያህሉ ነው። ባለአክሲዮኖችም ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ዕድገቱ በ8፣ በ10 እና በ12 በመቶ የተሰላበት፣ የዕድሳት ወጪም የተቀነሰበት ሠንጠረዥ ከአደራጆቹ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር
የሂሳብ ባለሙያ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ