የምረቃ ልብስ ታጥቦ ይታይ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባሕር ዳር በተካሄደ የፋሽን ተመራቂዎች ትርኢት ላይ አንዲት መምህርት ያደረጉትን ንግግር ጽፋችሁ አነበብኩ። ተማሪዎቹ በየጊዜው ከሚቀያየረው ፋሽን ይልቅ ለእጅ ሙያ ዋጋ እንዲሰጡ መክረዋል። በልብስ ስፌት የምተዳደር ሰው ነኝና ሐሳባቸውን ከልቤ እደግፋለሁ።

ሙያው የሚፈተነው ልብሱ መጀመሪያ ሲታጠብ ነው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። ጥለቱ ከሰው ሠራሽ ክር ከተሠራ ግን እንደ ጥጡ አይሰበሰብም። ስለዚህ መድረክ ላይ ያማረው ቀሚስ ከታጠበ በኋላ ያጥራል፤ ጥለቱም ይጨማደዳል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ከጨርቁ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ፣ አጥቦና አድርቆ መለካት ነው። በቁመቱ 19 ከሆነ 5 በመቶ ተሰብስቧል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ሳይታጠብ 120 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቢሰፋ ወደ 114 ይወርዳል። ታዲያ ጨርቁን ከመቁረጥ በፊት ነክሮ ማድረቅ ይሻላል። አንድ ቀን ይወስዳል፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ለዚህ ነው።

ስፌቱም እንዲሁ ነው። የሸማ ሽመና ልል ስለሆነ የተቆረጠው ጠርዝ ይተረተራል። ከስፌቱ ውጭ የሚተወው ጨርቅ ጠባብ ከሆነ ስፌቱ ብብት ላይ ቶሎ ይለቃል። እኔ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ትቼ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌ ሁለት ጊዜ እሰፋለሁ።

ትምህርት ቤቶች የምረቃ ልብሶችን ከትርኢቱ በፊት አንድ ጊዜ ያሳጥቡ። ዳኞችም ልብሱን ገልብጠው የውስጥ ስፌቱን ይዩ፤ ለዚያም ራሱን የቻለ ነጥብ ይስጡ።

ልብስ ሰፊ፣ ከደብረ ማርቆስ