ጉዳዩ፦ በአማርኛ የምርጫ ጥያቄዎች ባለቤትና ግስ ሲራራቁ ስለሚፈጠረው ስሕተት

ለተከበራችሁ የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የአማርኛ ቋንቋ መምህራኖቻችን የመንፈቀ ዓመቱን አጋማሽ ፈተና ካረሙ በኋላ በሰዋስው ጥያቄዎች ላይ ተደጋግሞ ስላገኙት አንድ ስሕተት ነው። «ልጁ መጣ፣ ልጆቹ መጡ» በሚለው ላይ የሚሳሳት ተማሪ የለንም። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝምና በባለቤቱና በግሱ መካከል ብዙ ቃላት ሲገቡ ግን በንባብ የተመሰገኑ ልጆች ሳይቀሩ ግሱን ከባለቤቱ ጋር ማስማማት ትተው በአቅራቢያው ካገኙት ስም ጋር ያስማሙታል። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ተሳቢው፣ ጊዜው፣ ቦታውና ምክንያቱ ሁሉ የሚሰፍሩት ከእርሱ በፊት ነው፤ ጥያቄ አዘጋጁም የተሳሳቱትን አማራጮች የሚያዘጋጀው ይህን ርቀት አስቦ ነው።

ከፈተናው አንዱን ጥያቄ እንዳለ አቀርባለሁ።

«ከየክፍሉ ለተመረጡት ጎበዝ ተማሪዎች የተዘጋጀው የመጻሕፍት ሽልማት ትናንት ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ______።»
ሀ. ተበረከቱ
ለ. ተበረከተ
ሐ. ተበረከተች
መ. ተበረከታችሁ

ብዙዎቹ የተሳሳቱ ልጆች የመረጡት «ሀ»ን ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ተማሪዎች» አለ፣ «መጻሕፍት» አለ፤ ሁለቱም ብዙ ቁጥር ስለሆኑ ጆሯቸው «ተበረከቱ» የሚለውን ተቀበለው። ይሁንና የተበረከተው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሽልማቱ ነው። በአማርኛ «የ» ያለበት ቃል ገላጭ ሲሆን የሚገለጸው ስም ከኋላው ይመጣል፤ ስለዚህ «የመጻሕፍት ሽልማት» በሚለው ሐረግ ውስጥ ግሱን የሚገዛው «ሽልማት» ነው። ዓረፍተ ነገሩ ራሱም ምልክት ሰጥቷል። «ለተመረጡት» ብዙ ቁጥር የሆነው ተማሪዎቹን ስለሚገልጽ ነው፤ «የተዘጋጀው» ደግሞ ነጠላ የሆነው ሽልማቱን ስለሚገልጽ ነው። ይህችን ልዩነት ያስተዋለ ልጅ ትክክለኛው መልስ «ለ» መሆኑን ግሱ ጋ ሳይደርስ ያውቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ እኔም በደንብ የተዘጋጀ ጥያቄ ነው እላለሁ።

«የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ መጽሐፍ ሳይመልሱ የቆዩትን የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት ወደ ቢሮዋ ______።»
ሀ. ጠሯት
ለ. ጠራቸው
ሐ. ጠራቻቸው
መ. ጠሯቸው

እዚህ ላይ «ጠሯቸው»ን የመረጡ ልጆች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «ተማሪዎቹ ብዙ ናቸው» ብለዋል። ተማሪዎቹ ብዙ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ተጠሪዎች እንጂ ጠሪዎች አይደሉም። «የቆዩትን» በሚለው ቃል ላይ ያለችው «ን» ከእርሱ ጋር የተያያዙት ተማሪዎች ተሳቢ መሆናቸውን ትናገራለች። የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ ቃል ሊሸከም ይችላል፤ «ጠራቻቸው» በሚለው ውስጥ «ች» ኃላፊዋን፣ «አቸው» ተማሪዎቹን ያመለክታሉ። ልጆቹ የተሳቢውን ብዛት ለባለቤቱ ሰጥተውታል። አንዳንድ ወላጅ ኃላፊዋን አንቱ ብንል «ጠሯቸው» ትክክል አይሆንም ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በአክብሮት ቢሆን ኖሮ ግን «ወደ ቢሯቸው» ይባል ነበር። አዘጋጁ «ወደ ቢሮዋ» በማለቱ ያንን በር ዘግቶታል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የጥቅል ስሞች ነገር ነው። ልጆቻችን ቡድን፣ ኮሚቴ፣ ሠራዊት፣ መንጋ፣ ማኅበር የመሳሰሉት ስሞች ብዙዎችን በአንድ ስም ቢጠሩም በመደበኛ ጽሑፍ ነጠላ ግስ እንደሚወስዱ ተምረዋል፤ ኮሚቴው ወሰነ፣ ሠራዊቱ ተመለሰ እንላለን። ትምህርቱ ትክክል ነው። ችግሩ አንዳንዶቹ ጥቅል ስም ባዩበት ሁሉ ነጠላ ግስ መፈለጋቸው ነው። «የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አባላት ትናንት ባካሄዱት ስብሰባ የአዲሱን ዩኒፎርም ቀለም ______» በሚለው ጥያቄ ላይ «ኅብረት»ን ብቻ አይተው «መረጠ» ብለዋል። ግሱን የሚገዛው «አባላት» ስለሆነ መልሱ «መረጡ» ነው፤ «ባካሄዱት» የሚለውም ይህንኑ ያረጋግጣል። በአንጻሩ «የኅብረቱ ኮሚቴ» ቢባል ኖሮ «መረጠ» ይሆን ነበር።

ጥቅል ስሙ በባለቤቱና በግሱ መካከል ሲገባም ተመሳሳይ መደናገር ይፈጠራል። «አዲሶቹ ተጫዋቾች ከቡድኑ ጋር ወደ አዳማ ሄዱ» ይባላል፤ ቦታቸው ሲቀያየር ደግሞ «ቡድኑ ከአዲሶቹ ተጫዋቾች ጋር ወደ አዳማ ሄደ» ይሆናል። «ከ… ጋር» የሚለው ሐረግ አጃቢን ያመጣል እንጂ ባለቤትን አይጨምርም። ባለቤቱን የሚያበዛው «እና» ወይም «ና» ነው፤ ስለዚህ «አሠልጣኙ ከተጫዋቾቹ ጋር መጣ»፣ ነገር ግን «አሠልጣኙና ተጫዋቾቹ መጡ» ተብሎ ይጻፋል። በንግግር «አሠልጣኙ ከተጫዋቾቹ ጋር መጡ» ስንል እንሰማለን፤ ስለሆነም ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ እንዲህ ቢናገሩ እንዳትቆጧቸው አደራ እላለሁ። ፈተናው የሚመዝነው የጽሑፍ አማርኛን ነው።

ቋንቋው ራሱ ሁለት መንገድ የፈቀደባቸው ቦታዎችም አሉ። «ሕዝቡ» በዛሬው መደበኛ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ነጠላ ግስ ቢወስድም በቆዩ ጽሑፎች ከብዙ ቁጥር ግስ ጋር ይገኛል። ከቁጥር በኋላም «አምስት ተማሪ ቀረ» እና «አምስት ተማሪዎች ቀሩ» ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። በአክብሮት ሲነገር ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን «ርእሰ መምህሩ ተናገሩ» ይባልለታል። እንዲህ ባሉት ላይ ልጅን አንድ መልስ ብቻ ምረጥ ማለት ፍትሐዊ ስላልሆነ መምህራኑ ከጥያቄ ባንካችን እንዲያወጧቸው ተስማምተናል። በዚህ ፈተና ከመካከላቸው አንድ ጥያቄ ገብቶ ስለነበር ከሁለቱ መልሶች የትኛውንም የመረጡ ተማሪዎች ነጥቡ ተይዞላቸዋል።

ቤት ውስጥ መርዳት ለምትፈልጉ ሁሉ የምጠይቃችሁ ልጁ አማራጮቹን ከማንበቡ በፊት እንድታስቆሙት ነው። ባዶ ቦታው ላይ ሊገባ የሚችለውን ግስ ይዛችሁ «ማን ጠራ?» ወይም «ምን ተበረከተ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱን በአንድ ቃል ይስጣችሁ። ከዚያ ያንን ቃልና ግሱን ብቻ አገናኝቶ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ «ሽልማቱ ተበረከተ»፣ «ኃላፊዋ ጠራቻቸው»፣ «አባላቱ መረጡ»። አማራጮቹን አስቀድሞ ያየ ልጅ ግን ዓይኑ በመጨረሻው ስም ላይ ስለሚያርፍ ጥያቄውን በአግባቡ መጠየቅ ይሳነዋል። በመልሱ ከተጠራጠረ «የተዘጋጀው»ን እና «ባካሄዱት»ን የመሰሉ በመካከል ያሉ ቃላትን ፈልጎ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚስማሙ ይመልከት።

የታረሙት የፈተና ወረቀቶች በልጆቻችሁ እጅ ተልከዋል። በእነዚህ ጥያቄዎች አስተራረም ላይ ቅሬታ ያላችሁ ወላጆች ወረቀቱን ይዛችሁ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የክፍሉን የአማርኛ መምህር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ማነጋገር የምትችሉ መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር