ማርኩ የት ሄደ ለምትሉኝ ወላጆች

ለ5ኛ እና ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች

እንደምን ሰነበታችሁ? የሹራብ እደላው ማክሰኞ ያልቃል፤ የሰርቪስ ክፍያ ያልጨረሳችሁም እስከ ወሩ መጨረሻ ጨርሱልን። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ደብተር ነው።

ሰሞኑን ቢሮዬ የሚመጡ ወላጆች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ወገን «መምህሩ የልጄን ስህተት እየለቀመ ይጽፋል፣ ሞራሏን ሰበራት» ይላል። ሌላው ደግሞ «ልጄ ከ10 አራት አምጥቶ መምህሯ ታደንቀዋለች፣ አሞላቀቃችሁት» ይላል። አንድ ቀን ሁለቱ በሬ ላይ ተላለፉ። ያመጡት ደብተር ላይ የተጻፈው አስተያየት ግን ያው አንድ ዓይነት ነበር። ሁለቱም የሚስማሙበት ጥያቄ አለ፦ «ማርኩን ለምን ደበቃችሁት?»

አልደበቅነውም። ደብተሩን መጀመሪያ አስተያየት ብቻ ጽፈን እንመልሳለን፤ ማርኩን ሁለት ቀን ብቻ እናዘገየዋለን። ለምን እንደሆነ በአንድ ደብተር ላሳያችሁ፤ ልጁም እናቱም ፈቅደውልኛል።

የሒሳብ የክፍል ሥራ ነው፣ ክፍልፋይ መደመር፣ 10 ጥያቄ። ልጁ አራቱን አገኘ፣ ስድስቱን ሳተ። አምና ቢሆን ኖሮ ይህ ደብተር ከሁለት በአንዱ መንገድ ይመለስ ነበር። ደግ መምህር ከደረሰው «4/10፣ ጎበዝ፣ በርታ!» ተብሎ። ቆጣ የሚል ከደረሰው ደግሞ በስድስት ቀይ ኤክስና «ትኩረት የለህም፣ በደንብ አጥና!» ተብሎ። ሁለቱንም ለልጁ አንብባችሁ «አሁን ምን ልታደርግ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ የለውም። ምኑ ላይ እንደጎበዘ አያውቅም፤ ምኑን እንደሚያጠናም አያውቅም።

አሁን ደብተሩን ቀረብ ብለን እንየው። ያገኛቸው አራቱ ታህታቸው አንድ የሆነ ጥያቄዎች ናቸው። የሳታቸው ስድስቱ ታህታቸው ይለያያል። 1/2 + 1/3 የሚለውን 2/6 ብሏል። 3/4 + 1/5 የሚለውን 4/20 ብሏል። አያችሁት? የጋራ ታህት መፈለግ ያውቃል፤ 6ም 20ም ትክክል ናቸው። ታህቱን ሲቀይር ላዕሉን ግን እንዳለ ተወው። ስድስት ስህተት የመሰለን ነገር አንድ ስህተት ስድስት ጊዜ ተደግሞ ነው። ይህ ትኩረት ማጣት አይደለም። ልጁ የተሳሳተ ሕግ ይዞ፣ ሕጉን በጥንቃቄ ነው የተከተለው። «ተጠንቀቅ» ስንለው ያንኑ ስህተት ይበልጥ ተጠንቅቆ ይሠራዋል።

መምህሯ የጻፈችለት ይህን ነው፦ «የጋራ ታህቱን በስድስቱም ላይ በትክክል አግኝተሃል። 1/2ን ወደ ስድስተኛ ስትቀይር ታህቱን በስንት አባዛህ? ላዕሉንስ? ስድስቱንም እንደገና ሥራና መልስህ ከግማሽ ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ እይ።»

የመጨረሻዋን ጥያቄ እኔ በጣም ወድጃታለሁ። 2/6 ማለት ሲሶ ነው። ግማሽ ዳቦ ላይ ሲሶ ጨምረህ መልሱ ሲሶ ብቻ ከሆነ፣ ግማሹን ማን በላው? ልጁ ራሱ ሳቀ። 15 ደቂቃ ተሰጥቶት እንደገና ሲሠራ ከስድስቱ አራቱን አገኘ። የቀሩት ሁለቱ የማባዛት ስህተት ናቸው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በሌላ ቀን ይታያል።

አሁን «ታዲያ ይህ ሙገሳ ነው ወቀሳ?» ትሉኝ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሙገሳ ነው፤ ግን «ጎበዝ ነህ» አይልም፣ ምን እንዳወቀ ነው የሚነግረው። ያ ካልተነገረው ሲያርም የያዘውን ትክክል ነገርም አብሮ ይጥለዋል። ይህንን ደጋግመን አይተናል፤ ስድስት ኤክስ ያየ ልጅ የጋራ ታህቱንም ጭምር ያበላሻል።

ሙገሳና ወቀሳን ማመዛዘን ማለት ደግሞ ሁለት ምስጋና አንድ ነቀፌታ ብሎ መቁጠር አይደለም። እኛም መጀመሪያ ላይ እንዲያ አድርገን ተሳስተናል። «ጎበዝ፤ ግን ይህን አስተካክል፤ በርታ» እያልን ስንጽፍ ቆየን። አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር ጎበዝ ካለችኝ ከኋላው ግን አለ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ተውነው። ድርሰቱ ላይ 30 የፊደልና የሰዋስው ግድፈት ያለበትን ልጅ ሠላሳውንም በቀይ አንቀባለትም፤ አንድ ዓይነት እንመርጣለን፣ እሱን ያርማል። ሁልጊዜ 10 ከ10 ለምታመጣው ደግሞ «ኤክሰለንት» ምንም አልነገራትም። ለሷ «በሌላ መንገድ ሥሪው» የሚል ነው የሚጻፍላት። እናቷ ይህን አይታ «ደግሞ ምን ጎደላት?» ብለው ደውለው ነበር። ምንም አልጎደላትም።

ወደ ማርኩ ልመለስ። ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ በእስራኤል የ5ኛ እና 6ኛ ክፍል ልጆችን አጥንታ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሥራ አለ። አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ልጆች በቀጣዩ ሥራ ተሻሻሉ። ማርክ ብቻ የተሰጣቸው አልተሻሻሉም። ማርክና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸውም እንደዚያው። ቁጥሩ ካለ ልጁ ቁጥሩን ያያል፣ ከዚያ የጎረቤቱን ቁጥር ያያል፣ ደብተሩንም ይዘጋል። ክፍል ገብታችሁ ብታዩ ጥናትም አያስፈልጋችሁም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ አስተያየት፣ ከዚያ እርማት፣ ከዚያ ማርክ። ሚድና ፋይናል እንደ ድሮው ነው፤ ካርድም ይመጣል፣ ደረጃም ይኖራል፣ አትስጉ።

«እኛ በኩርኩምና በቀይ እስክሪብቶ ተምረን ሰው ሆነናል» የምትሉኝም እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንዲያው ነው የተማርኩት። ግን ከእኔ ጋር ተኮርኩመው ከ6ኛ ክፍል የቀሩትን ይህን ደብዳቤ ልጽፍላቸው አልችልም። «ልጄን በየቀኑ ካላደነቃችሁ ትምህርት ትጠላለች» ለምትሉትም ልናገር። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ «ብልህ ነሽ» የተባሉ ልጆች ከበድ ያለ ጥያቄ ሲያቅታቸው «ጥረሻል» ከተባሉት ቀድመው ተስፋ ቆርጠዋል። ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ ሲናገሩም ከአሥሩ አራት ያህሉ ጨምረው ነው የተናገሩት። ማርክ የምትደብቀው ልጅ እኛ ጋ ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

ይህ ሁሉንም አይፈታም። ትምህርቱን ጭራሽ ያልተረዳ ልጅ አስተያየት ቢጻፍለት ከንቱ ነው፤ እንደገና መማር ነው ያለበት፣ ለዚያ የቅዳሜ ቲቶሪያል አለ። በአንድ ክፍል 45 ልጅ ስላለም ይህን በየቀኑ መጻፍ አይቻልም። በየትምህርቱ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። «ለምን በየቀኑ አይሆንም?» የሚል ካለ አንድ ምሽት 45 ደብተር ልስጠው።

ከእናንተ የምንፈልገው ትንሽ ነው። ልጁ ቤት ሲገባ «ስንት አገኘህ? ማን በለጠህ?» ከማለት በፊት «ምን ተጻፈልህ? አረምከው?» በሉት። እርማቱን ካያችሁ በኋላ ኮሙዩኒኬሽን ቡኩ ላይ ፈርሙ። እርማቱን እናንተ አትሥሩለት፤ የእናንተን እጅ ጽሑፍ እናውቀዋለን።

የዚህ ዙር ማርክ አርብ ይላካል። እስከዚያ ድረስ መምህራኑ ጋ ማታ ማታ አትደውሉ። ጥያቄ ያለው ቢሮዬ ይምጣ፣ ደብተሩን ይዞ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር