የአንገት ጥቁረት በሎሚ አይለቅም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በውበት ዓምዳችሁ ላይ የወጣውን ምክር አነበብኩት። አንገታቸውና ብብታቸው የጠቆረባቸው ሰዎች ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅለው ማታ ማታ እንዲያሹ ይላል። እኔ የውስጥ ደዌ ተመላላሽ ክፍል ነርስ ነኝ። በዚህ ዓይነት ምክር አንገታቸውን ልጠው የሚመጡ ሴቶች ስለማይ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

አንገት በብዙ ምክንያት ይጠቁራል። ፀሐይ አለ፣ ዲዮድራንት የሚያስቆጣው ብብት አለ፣ በተፈጥሮም ከሌላው ገላ ጠቆር የሚል ቆዳ አለ። እኔ የምለው ግን ሲዳሰስ የሚታወቀውን ነው። ማጅራቱ ላይ ቆዳው ወፈር ይልና እንደ ከፋይ ጨርቅ ይለሰልሳል፤ መስመር መስመርም ያወጣል። ግራና ቀኙ እኩል ነው። ብብት፣ ብሽሽት፣ አንዳንዴም የጣት አንጓ ላይ ይታያል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ ትንንሽ ተንጠልጣይ ሥጋዎች ይበቅላሉ። ሐኪሞች አካንቶሲስ ናይግሪካንስ ይሉታል።

ቆሻሻ ስላልሆነ በቃጫ አይለቅም። ሰውነት የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ አልሰማ ሲል ቆሽት ለማካካስ አብዝቶ ያመርታል። ደም ውስጥ የበዛው ኢንሱሊን የቆዳ ሴሎችን ያለ ልክ እንዲባዙ ይቀሰቅሳቸዋል። ቆዳው የሚወፍረውና የሚጠቁረው ለዚህ ነው። እላዩ ላይ ሲፈተግ ደግሞ ይቆጣል፣ ቁስሉ ሲድን ከበፊቱ የባሰ ይጠቁራል። ከየሱቁ የሚገዛው የሚያነጣ ክሬምም ምክንያቱን አይነካውም። ስቴሮይድ ካለበት ጭራሽ ቆዳውን ያሳሳል።

አንዲት የ26 ዓመት ሙሽራ ትዝ ትለኛለች። ቬሎው አንገቷን ስለሚያሳይ ለወራት ስትፈትገው ነበር። ወደ እኛ የመጣችው ቆስሎባት ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ በባዶ ሆድ ስኳር ተለክታ 94 ስለሆነ «ምንም የለብሽም» ተብላለች። ቁጥሩ እውነትም ደህና ነው፤ በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤናማ ይባላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቆሽት ገና ጉልበት እያለው ኢንሱሊን ጨምሮ ስኳሩን ልክ ላይ ያቆየዋል። ስለዚህ ስኳሩ ሳይወጣ አንገቱ ቀድሞ ሊናገር ይችላል።

ዶክተሩ ማጅራቷን ዳሰሰና ስለ ወር አበባዋ ጠየቃት። ሁለት ሦስት ወር ይዘላል። አገጯ ላይም ፀጉር ታወጣለች፤ አፍራ አልተናገረችም እንጂ። ይህ የእንቁላል ማምረቻ ላይ ከሚመጣ የሆርሞን መዛባት ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ነው። የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ ሲታይ 5.9 በመቶ ሆነ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው የስኳር በሽታ ደጃፍ ነው፤ 6.5 ሲደርስ በሽታው ራሱ ይባላል። የደም ግፊትና የደም ቅባትም አብሮ ታየላት።

ክብደቷ 84 ኪሎ ነበር። የተሰጣት ምክር ለስላሳ መጠጥ መተው፣ የምትበላውን መቀነስና በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒትም ታዘዘላት። ስድስት ኪሎ ስትቀንስ መጀመሪያ የተለወጠው የቆዳው ውፍረት ነው። ጥቁረቱ በብዙ ወራት ነው ቀስ እያለ የሳሳው። ሠርጉማ ቀድሞት አለፈ፤ በሜካፕ ሸፈኑት።

ቀጭን ሰው ላይም ይህ ሊታይ ይችላል፤ በዘር ወይም በአንዳንድ መድኃኒት ምክንያት። ጥቁረቱ የታየበት ሁሉ ስኳር አለበት ማለትም አይደለም፤ መመርመር አለበት ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አይጠበቅለትም። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ በጥቂት ወራት በድንገት ቢስፋፋ፣ አፍ ውስጥ ወይም መዳፍ ላይ ቢወጣ፣ ሰውየውም እየከሳ ከሄደ፣ ከውስጥ ካንሰር፣ በተለይ ከጨጓራ ካንሰር ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ በዚያው ዓምድ ላይ ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። የሎሚውን ምክር አንሱት። በምትኩ «ቆዳው ወፍሮ ከለሰለሰ አትፈትጉት፤ በባዶ ሆድ ስኳርና የሦስት ወር አማካይ ስኳር ተለኩ፣ የወር አበባ የሚዛባባችሁም ለሐኪም ንገሩ» ብላችሁ ጻፉልን።

አንዲት ነርስ፣ ከአዲስ አበባ