የቲማቲማችሁ ቅጠል ከታች ወደ ላይ ቢጫ እየሆነ ከሆነ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከእኛ ዘንድ የቲማቲም ችግኝ የወሰዳችሁ ብዙዎቻችሁ ሰሞኑን ቅጠል በፌስታል ቋጥራችሁ ትመጣላችሁ። ጥያቄያችሁ ተመሳሳይ ነው፦ «ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ፣ ቡናማ ክብ ክብ ነገር አወጡ፣ ከዚያ ይረግፋሉ። ምን ልርጭ?» ሰው በተሰለፈበት ሰዓት ተጣድፈን ከምንመልስላችሁ፣ ነገሩን ሰፋ አድርገን በጽሑፍ ብናስረዳ ይሻላል ብለን ይህን ደብዳቤ ልከንላችኋል። አብዛኛዎቻችሁ ከመርጨት በፊት ማድረግ ያለባችሁ ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱም የቲማቲሙን ሥር ያለውን አፈር በገለባ ማልበስ ነው።

አስቀድሞ ግን በሽታው እርሱ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከታች ካሉት ቅጠሎች አንዱን ቀጥፋችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ነጠብጣቡ ቡናማ ሆኖ፣ በውስጡ እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት በላይ በላይ የተደራረበ ክብ ካለው፣ ዙሪያውም ቢጫ ከሆነ፣ ይህ አርሊ ብላይት የሚባለው በሽታ ነው። የሚያመጣው አልተርናሪያ የተባለ ፈንገስ ነው። ቀለበቱ ሳይኖር ቅጠሉ በሙሉ እኩል እየገረጣ ቢጫ ከሆነ ግን ተክሉ ናይትሮጅን አጥሮት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ገለባ አይፈይደውም። ትልልቅ፣ ውኃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ እድፍ ከላይ ካሉት ቅጠሎችም ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ፣ በእርጥብ ጠዋት ደግሞ ከቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ፣ ያ ሌት ብላይት ነው። እርሱ በጥቂት ቀናት ማሳውን ይጨርሳልና ሳታድሩ ንገሩን።

አርሊ ብላይት ከታች የሚጀምረው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት የታችኞቹ ቅጠሎች ያረጁ መሆናቸው ነው፤ ፈንገሱ ያረጀ ቅጠል ይቀናዋል። ተክሉ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ጉልበቱን ወደ ፍሬው ስለሚያዞር በዚያ ጊዜ ይብስበታል። ትልቁ ምክንያት ግን አፈሩ ነው። ፈንገሱ ባለፈው ወቅት ከረገፈ የቲማቲም፣ የድንች ወይም የደበርጃን ቅጠልና ግንድ ጋር አፈር ውስጥ ይቆያል። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው አውጥም የዚያው ቤተሰብ ስለሆነ ሊያስጠጋው ይችላል። የዝናብ ጠብታ ባዶ አፈር ላይ በኃይል ሲያርፍ ጭቃውን ወደ ላይ ይረጨዋል፤ ከጭቃው ጋር ፈንገሱም መሬት ለመሬት ያለው ቅጠል ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ከቆየና አየሩ ሞቅ ካለ፣ በተለይ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ነጠብጣቡ በዓይን የሚታየው ግን ከቀናት በኋላ ነው። የአዳማ ክረምት ሞቃትም ዝናባማም ስለሆነ ለዚህ በሽታ ይመቸዋል።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ደንበኛችን ይህንኑ ቅጠል ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ዘሩ ነው እንዴ የተበላሸው?» ብለው ጠየቁ። ባልደረባችንም «እማማ፣ ቅጠሉን እስቲ ገልብጠው በጣትዎ ይጥረጉት» አላቸው። ጣታቸው ላይ ቀጭን ደረቅ ጭቃ ቀረ። እናንተም ከዝናብ በኋላ ይህንኑ አድርጉ። የታችኛው ቅጠል ጀርባ ላይ የአፈር ፍንጣቂ ካለ፣ በሽታው የሚወጣበት መንገድ ክፍት ነው ማለት ነው። ገለባ የሚዘጋው ይህንን መንገድ ነው። ጠብታው ገለባው ላይ ሲያርፍ ኃይሉ ይበርዳል፣ ውኃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል፣ ጭቃም አይፈናጠርም።

የእኚሁ እናት መደብ 5 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ በሁለት መስመር ሃያ ያህል ቲማቲም የተተከለበት ነው። ያደረግነውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ የሚነካ ሰው በሽታውን በእጁና በልብሱ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስለሚያዞር፣ ጤዛው እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ ቀለበት ያለባቸውንና አፈር የሚነኩትን የታች ቅጠሎች በመቀስ ቆረጥን። ሁሉንም ግን አልቆረጥንም፤ ከአንድ ተክል ቅጠል ከሲሶው በላይ በአንድ ጊዜ መቁረጥ ተክሉን ያዳክመዋል፣ ፍሬውንም ለፀሐይ ያጋልጠዋል። የተቆረጠው ቅጠል መደቡ ላይ አልቀረም፤ ኮምፖስት ጉድጓድም ውስጥ አልገባም። ከጓሮው ራቅ ብሎ በጥልቀት ተቀበረ። የታመመ ቅጠል ከገለባው ሥር ቢቀር በሽታውን አልብሶ ማቆየት ይሆናል። ተክሎቹንም በእንጨት ደግፈን አሰርናቸው፤ ይህን ካላደረግን ቅርንጫፉ ተመልሶ መሬት ይተኛል።

ቀጥሎ መደቡን ሥር ሥሩን በደንብ አጠጣን። ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል። ደረቅ አፈር ላይ ገለባ ካለበሳችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀላል ዝናብ ገለባው ራሱ ይጠጣውና ሥሩ ይጠማል። ከዚያ የስንዴ ገለባ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለበስነው። ለዚህ መደብ በትልቁ የእህል ጆንያ ሳይጠቀጠቅ ሦስት ያህል በቅቷል። ስስ አድርጋችሁ ከበተናችሁት አፈሩ በየመሐሉ ስለሚታይ ጭቃው መፈናጠሩን አይተውም። በጣም ካወፈራችሁት ደግሞ ውኃው ወደ ታች አይደርስም፣ ሥሩም አየር ያጥረዋል። በእያንዳንዱ ግንድ ዙሪያ አራት ጣት ያህል ክፍት ተውን፤ እርጥብ ገለባ ግንዱን ከተጠጋው ግንዱ ይበሰብሳል።

የአዳማን ነፋስ የምታውቁት ነው፤ የለበሰው ገለባ በማግሥቱ ጎረቤት ጓሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከለበሰ በኋላ በውኃ ማጠጫ ቀስ ብላችሁ አርጥቡትና ቀጫጭን እንጨት ወይም ድንጋይ ጫኑበት። ከሁለት ሦስት ዝናብ በኋላ ተያይዞ ስለሚተኛ ነፋስ ብዙም አያነሣውም። ገለባው ይበሰብሳልና ሲሳሳ ጨምሩበት።

ምን ዓይነት ገለባ ይሻላል ለምትሉን፣ የጤፍ ጭድ ጥሩ ነው፤ ከብት ያለው ሰው ግን መኖውን ለቲማቲም ሊሰጥ አይገባም። የስንዴ ገለባ በቂ ነው። ወደ ወንጂ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የደረቀ የሸንኮራ ቅጠል ካገኛችሁ ቆራርጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። የቲማቲም፣ የድንች፣ የቃሪያና የደበርጃን ቅሪት ግን በፍጹም አታልብሱ። ፀረ አረም በቅርቡ የተረጨበት ሣርም አይሁን፤ ቲማቲም ለእነዚህ መድኃኒቶች ስስ ስለሆነ ቅጠሉ ይጠማዘዛል። ምስጥ ያለበት ጓሮ ውስጥ ደረቅ ገለባ ምስጥ ሊስብ ስለሚችል፣ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ቦታ ገልጣችሁ እዩ። ምስጡ ግንዱ አጠገብ ከደረሰ በዚያ በኩል ያለውን ገለባ አንሡት።

ገለባው ሠራ ወይስ አልሠራ የሚለውን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ባለበሳችሁበት ቀን፣ ቀለበት ያለበት ቅጠል በደረሰበት ከፍታ ላይ ግንዱን ቀለም ባለው ክር እሰሩ። ሳምንት አሥር ቀን ጠብቁና ተመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክሩ በላይ አንድ ሁለት አዲስ ነጠብጣብ ብታዩ አትደናገጡ፤ ከመልበሱ በፊት የገባው ፈንገስ ዘግይቶ እየታየ ነው። ከዚያ በኋላም ከክሩ በላይ ያለማቋረጥ እየጨመረ ከሄደ ግን በሽታው ከአፈር መምጣቱን አቁሞ ከቅጠል ወደ ቅጠል እየሄደ ነው። አንድ ጊዜ ነጠብጣብ የሆነው ቅጠል ራሱ አዲስ የፈንገስ ዘር ስለሚያወጣ፣ ያንን ነፋስና ዝናብ ወደ ላይ ይወስደዋል። ገለባ ይህንን አያቆመውም። ስለዚህም ነው ችግኙ ተተክሎ ሥር እንደያዘ፣ ነጠብጣብ ሳይታይ መልበስ ከሁሉ የተሻለ የሚሆነው። የታመመ ቅጠል በገለባ አይድንም፤ የሚገኘው ጥቅም በሽታው ዘግይቶ መጀመሩና ወደ ላይ የሚወጣበት ፍጥነት መቀነሱ ነው። ያ ጊዜ ፍሬውን ለመልቀም ከበቃ ለጓሮ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

የእኚህ እናት መደብ ላይ በሽታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከክሩ በላይ ጥቂት ቅጠሎች ተነክተዋል፤ እነርሱንም በየጊዜው እያነሡ ፍሬያቸውን ለቅመዋል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው፣ ያልለበሰው የጎረቤት መደብ ግን ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ቅጠሉ እስከ መሐል ረገፈ። ጎረቤትየው ከላይ በጎማ ያጠጡ ስለነበር ልዩነቱ ሁሉ የገለባው ነው አንልም። በነገራችን ላይ እናንተም ጎማውን ወደ ሥሩ አውርዱት፤ የምታጠጡትም ጠዋት ይሁን።

የሚረጭ መድኃኒት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ፍሬ በያዘ ሰሞን ነጠብጣቡ ወደ መሐለኛው ቅጠል ከደረሰና ዝናቡ ካልቆመ፣ እንደ ማንኮዜብ ያለ ተከላካይ ፀረ ፈንገስ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ልትረጩ ትችላላችሁ። ተከላካይ ማለት ገና ያልተነካውን ቅጠል የሚጠብቅ ነው፤ የተነካውን አያድንም። ከርጭት በኋላ ፍሬ ሳይለቀም መቆየት ያለበትን ቀን ማሸጊያው ላይ አንብቡና ጠብቁ፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛም አድርጉ። አንዳንዶቻችሁ ሜታላክሲል ያለበትን መድኃኒት በስሙ ጠርታችሁ ትጠይቁናላችሁ። ሜታላክሲል የሚሠራው ሌት ብላይትን በሚያመጣው ተሕዋስ ላይ ነው፤ ለአርሊ ብላይት አይሠራም። ለቀለበቱ በሽታ ብላችሁ እርሱን ብቻ ብትገዙ ገንዘባችሁ በከንቱ ይወጣል፤ ስለዚህ ቅጠሉን ሳናይ አንሸጥላችሁም።

ለሚቀጥለው ወቅት፣ ዘንድሮ በሽታው የታየበት መደብ ላይ ለሁለት ዓመት ቢያንስ ቲማቲምም ድንችም ቃሪያም ደበርጃንም አትትከሉ። ቦሎቄ፣ ሽንኩርት ወይም ጎመን ይሁንበት። ጓሯችሁ ጠባብ ሆኖ መደብ መቀየር ካልቻላችሁ፣ ቅሪቱን ሥር ከሥሩ ነቅላችሁ አውጡና ችግኙ ሥር እንደያዘ አልብሱት።

ቅጠል ስታመጡልን በፌስታል ሳይሆን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ አምጡ፤ ፌስታል ውስጥ ስለሚልብ ቀለበቱ ይጠፋብናል። ከታች አንድ፣ ከመሐል አንድ ቅጠል ይበቃል። የስንዴ ገለባ በጆንያ አስመጥተናል፤ የምትፈልጉ መደባችሁን ለክታችሁ ርዝመትና ስፋቱን ንገሩን፣ ስንት ጆንያ እንደሚበቃችሁ እናሰላላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የችግኝ ጣቢያው ባልደረቦች
አዳማ