የድራማ ክበብ፦ አርባ ሰከንድ የማትሞላው ጭውውት

ዘንድሮ የድራማ ክበባችን አሥራ ሁለት ጭውውት ሠርቷል። ስለ አሥራ አንዱ ብዙ የምለው የለኝም። ሦስት ሳምንት ስለፈጀችብን ስለ አንዷ ግን ላውጋችሁ።

ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ሚኒ ሚዲያ የሚሰጠን አርባ ሰከንድ ብቻ ነው። ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ጠረጴዛ። ሐሳቡን ያመጣችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከኮዬ ፈጬ ተነስታ ለአንድ ወረቀት ከእናቷ ጋር ቢሮ ስንቴ እንደተመላለሰች እሷ ታውቃለች። ጭውውቷም አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ሲስተም ሊጠግን የመጣውን ልጅ ባለጉዳይ መስሏት ስትመልሰው ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ወሰደ። ሰዓት ይዘን ስናየው አሥራ አንዱን ሰከንድ የበላው ሰላምታ ነው። እንደምን አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን... ያለዚህ ጉዳይ የሚጀምር ሰው የት አለ? አንዲቷን «እንደምን አደሩ» ብቻ አስቀረን። መልስ ማጣቷ ደግሞ የቢሮዋን ሠራተኛ ጠባይ ያለ ተጨማሪ ቃል አሳየልን።

ቀጥሎ ልጁ ካቻቪቴ በእጁ ይዞ ገባ። ገና በር ላይ ሳለ ከፊት የተቀመጡት «ጠጋኝ ነው!» አሉ። አለቀ፣ ቀልዱ ሞተ። ካቻቪቴውን የደብተር ቦርሳው ውስጥ ከተትነው።

በጣም ያከራከረን ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መጀመሪያ «ሲስተሙን ልጠግን ነው ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላክሁት» ይል ነበር። ሰዉ «ልጠግን» ላይ መሳቅ ሲጀምር ልጁ ገና እያወራ ነው፤ ሳቁም ወሬውም ተደበላለቀ። ስለዚህ ሚስጥሩን ወደ ጫፍ ገፋነው። በመጨረሻ እንዲህ ሆነች፦

— እንደምን አደሩ?
— (ቀና ሳትል) ሲስተም የለም። ነገ ይምጡ።
— አይ፣ እኔ እንኳን...
— ሲስተም የለም አልኩ እኮ! ነገ ይምጡ።
— እህቴ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የተላክሁት። ሲስተሙን ልጠግን።
— (ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ) ውይ! በሞትኩት! እስቲ ስምዎን ልመዝግብ። (ኪቦርዱን ነካ ነካ) ... ሲስተም የለም። ነገ ይምጡ።

ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። «ነገ ይምጡ» ሁለቴ ከተባለ በኋላ ሰዉ ይለምዳታል፤ ሦስተኛዋን ግን ከዚያ ቦታ አይጠብቃትም። ኪቦርዱ ላይ ያለችውን ዝምታ ልጅቷ ሁልጊዜ ታሳጥራት ነበር፣ ፈርታ። በልቧ እስከ ሦስት እንድትቆጥር ነገርኳት። ልጁ ደግሞ መጨረሻ ላይ «አያችሁ፣ ሥራችን እንዲህ ነው» የምትል ማብራሪያ ከራሱ ጨምሮ ሁለት ጊዜ ሳቁን ገደለብን። አሁን ቃሏ እንዳለቀች ዞሮ ይወጣል።

በወላጆች ቀን አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ለ3ኛ ክፍል ልጆች አሳየናት። ጭጭ። አንዱ ብቻ እጁን አውጥቶ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ሲስተም ምንድን ነው?»